ስለተሰበሰቡት የጥያቄ ወረቀቶች፦ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች

ጉዳዩ፦ በክፍል ውስጥ ከተማሪዎች ስለተሰበሰቡት የጥያቄ ስብስቦች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የቤተ ሙከራው ጣሪያ ተጠግኗል፣ የወላጆች ስብሰባም እንደተለመደው ቅዳሜ ከገበያ በፊት ይሆናል። ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቢሮዬ የመጣው ወላጅ ሁሉ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው። «የልጄን ጥያቄ ለምን ቀማችሁ?» ይላል። አንድ አባት በግ ሽጠው ለልጃቸው አራት ጥራዝ ፎቶ ኮፒ እንዳስጠረዙ ነገሩኝ። «መምህር፣ እኔ አልተማርኩም፤ ግን ፈተና ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ጥያቄ ለሚፈተን ልጅ ጥያቄ መከልከል ምን ይሉታል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ በአጭሩ ሸኝቼ ከማለፍ ቁጭ ብዬ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

መጀመሪያ፣ አልቀማንም። ጥራዞቹ ስም ተጽፎባቸው ቢሮዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የተሰበሰቡት መምህሩ ሰሌዳ ላይ እያስተማረ ልጆቹ ከዴስክ ሥር ጥያቄ ሲሠሩ ስለተገኙ ነው። «ሲሠሩ» ማለቴም ለክብራቸው ነው። አብዛኞቹ ጥያቄውን ያነባሉ፣ ከኋላ ያለውን የመልስ ቁልፍ ገልጠው ያያሉ፣ «እሺ፣ ሲ ነው» ብለው ያልፋሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንዱን ጥራዝ ሳገላብጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥያቄው ስለ አርትሜቲክ ሲኩዌንስ ነው፤ በእኩል ልዩነት እየጨመረ የሚሄድ የቁጥር ሰልፍ ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር 11፣ ሰባተኛው 27 ነው፤ ሃያኛውስ? ይላል። ልጁ በእርሳስ በትክክል ሠርቶታል። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው አራት እርምጃ ነው፣ ልዩነቱ 16፣ ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ 4 ነው። ወደ ኋላ ሲቆጠር መጀመሪያው 3 ይሆናል። ሃያኛው እንግዲህ 3 + 19 × 4 = 79። ልጁ 79 ብሎ ጽፏል። ከዚያ በላጲስ አጥፍቶ 83 አድርጎታል። ለምን? ቁልፉ 83 ስለሚል!

ቁልፉ የተሳሳተ ነው። አዘጋጁ በ19 ፈንታ በ20 አባዝቷል። አጥር ያጠረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በሃያ ቋሚ መካከል ያለው ክፍተት 19 ነው። ልጁ ትክክለኛውን ነገር በእጁ ይዞ ለፎቶ ኮፒ ጣለው። የመጽሐፉን ማብራሪያ አንብቦ ለምን አንድ እንደሚቀነስ የገባው ቢሆን ኖሮ ከቁልፉ ጋር ይከራከር ነበር። እነዚህ ጥራዞች በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ናቸው። ማን እንዳዘጋጃቸው፣ ማን እንዳረማቸው አይታወቅም።

«አንድ ስህተት አግኝቶ ሁሉን አጣጣለ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ላሳያችሁ። እኔም ርዕሰ መምህር ከመሆኔ በፊት ጠመኔ ይዤ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ይኼንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ብዙዎቹ ቶሎ 79 አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥዬ ይህን ጻፍኩ፦ የመጀመሪያዎቹ n ቁጥሮች ድምር 2n² + n ነው፤ ሃያኛው ቁጥር ስንት ነው? ምርጫዎቹ 741፣ 820፣ 79 እና 83 ናቸው።

ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል 820 አለ። በ n ቦታ 20 አስገብተው አባዙ፣ ደመሩ፣ ምርጫው ውስጥ አገኙት፣ አለቀ። ግን 820 የሃያዎቹ ሁሉ ድምር እንጂ ሃያኛው ቁጥር አይደለም። በእቁብ እናስበው። ደብተሩ በሃያ ወር የገባው ጠቅላላ ብር 820 ነው ይላል። በአሥራ ዘጠኝ ወር ደግሞ 741 ነበር። በሃያኛው ወር ብቻ የገባው ስንት ነው? ቀንሱ፤ 79 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ያው የበፊቱ የቁጥር ሰልፍ ነው። 3፣ 7፣ 11 እያለ የሚሄደው። ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ ሌላ ጥያቄ አይደለም። የጥያቄ ስብስብ ብቻ የሠራ ልጅ ልብሱን ነው የሚያውቀው።

ፈተና አውጪውም ሞኝ አይደለም። 820ን ምርጫ ውስጥ የሚያስገባው ማን እንደሚወድቅበት አውቆ ነው። የፈተናው ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው። «ቴርም» የሚባለው አንዱ ቁጥርና «ድምር» የሚለያዩበትን ቃል ልጁ የሚያገኘው ሙሉ አንቀጽ ሲያነብ ነው፤ ያ ያለው መጽሐፉ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ «ታዲያ መጽሐፍ ብቻ ያንብቡ ነው የምትሉን?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ይህንን እኛም ከዚህ በፊት ተሳስተንበታል። ጥቂት ዓመታት «መጽሐፋችሁን አንብቡ» ብቻ እያልን ኖረናል። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው አንድ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ያነባሉ፣ በቀለም ያሰምራሉ፤ ሲያነቡት ሁሉም የገባቸው ይመስላቸዋል። መጽሐፉን ከድነን አንድ ጥያቄ ስንሰጥ ብዕሩ አይንቀሳቀስም። መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብም እንደ መልስ ቁልፍ ያታልላል። ስለዚህ የምንከራከረው የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ሳይሆን የትኛው መቼ ይቅደም በሚለው ላይ ነው።

እስከ ጥር መጨረሻ መጽሐፉ ይመራል። ጥያቄ የለም ማለት ግን አይደለም። መምህሩ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት አምስት ጥያቄ ይሰጣል፤ ልጆቹ ቢሳሳቱም አይቆጣም፤ ሲያነቡ ምን እንደሚፈልጉ እንዲያውቁ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ ከስብስቡ የዚያን ምዕራፍ ብቻ ሃያ ወይም ሠላሳ ጥያቄ መጽሐፍ ከድነው ይሠራሉ። ቁልፉ መምህሩ ጋር ይቆያል። ወላጆች በብዛት የተቆጡት በዚህ ነው፤ «ልጄ መልሱን በምን ያውቃል?» አላችሁ። በማግስቱ ያውቃል። አንድ ሌሊት ሳያውቅ ቢያድር አይሞትም፤ እንዲያውም መጽሐፉን የሚገልጠው ያን ሌሊት ነው።

ከየካቲት ጀምሮ ጥያቄው ይበዛል፣ ምዕራፎቹም ይደባለቃሉ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ልጅ የስህተት ደብተር ይይዛል። የተሳሳተውን ጥያቄ ይጽፋል፣ ከጎኑ ምክንያቱን፦ ነገሩን አላውቀውም፣ ወይም አውቀዋለሁ ግን ስሌት ሳትኩ፣ ወይም ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም። «አላውቀውም» የሚለው ብቻ ወደ መጽሐፍ ይመልሳል፤ የገጹም ቁጥር ይጻፋል። ስሌት የሳተ ልጅ ምዕራፍ እንደገና ቢያነብ ጊዜ ማባከን ነው፤ እሱ ተጨማሪ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። የተሳሳተው ጥያቄ ከሳምንት በኋላ ቁጥሩ ተቀይሮ ይመለስለታል። ቁጥሩ ካልተቀየረ መልሱን በቃሉ ይዞት ይሆናል፤ ከሽምደዳው መለየት አንችልም።

የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት የጥያቄ ናቸው። ያለፉ ዓመታት ሙሉ ፈተናዎች በሰዓት ተለክተው ይሠራሉ፣ መጽሐፍ እንደ መዝገበ ቃላት ጎን ይቀመጣል። ለዚህ ነው የቅርብ ዓመታቱን ፈተናዎች አሁን እንዳትሰጧቸው የምለምናችሁ። አንድ የፈተና ወረቀት የልጁን አቅም የሚለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኅዳር መልሱን ያየው ልጅ በግንቦት 90 ቢያመጣ ምን ይነግረናል? የማስታወስ ችሎታውን። እናንተም ደስ ይላችኋል፣ እኛም ደስ ይለናል፣ ፈተናው ቀን ግን አዲስ ወረቀት ነው የሚመጣው። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ መሆናቸውን ሁላችንም አንረሳውም። ያን ዓመት የጥያቄ ስብስብ እጥረት አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከድሮዎቹ ስብስቦች ብዙዎቹ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የወጡ ናቸው። የአሁኑ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የንግድ ሒሳብ አለው፤ በአሮጌው የተፈጥሮ ሳይንስ ጥራዝ እነዚህን መፈለግ ድካም ነው። በተቃራኒው ልጁ ከዚህ ክፍል መጽሐፍ የቀረ ርዕስ ላይ ሌሊቱን ሲፈጋ ያድራል። ጥራዙን ከመጽሐፉ ማውጫ ጋር አስተያይቶ የማይመለከተውን ጥያቄ በእስክሪብቶ መሰረዝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መምህራኑ በተሰበሰቡት ጥራዞች ላይ አሁን እያደረጉት ያሉት ይህንን ነው፤ ስለቆየ ይቅርታ።

ይህ ደንብ ለሁሉም እንደማይሠራም አውቃለሁ። ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ መጽሐፍ የለውም፤ እሱን ከመስከረም ጀምሮ በጥያቄ ነው የምናለማምደው። የእንግሊዝኛ ምንባብም እንዲሁ። በድጋሚ የሚፈተኑ ልጆች ደግሞ ከጥያቄ ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ አንድ ሙሉ ፈተና ሠርተው የወደቁበትን ምዕራፍ ለይተው ወደ መጽሐፍ ይሂዱ። ሁሉን ከገጽ አንድ ማንበብ ለእነሱ አያስፈልግም።

«ከተማ ውስጥ ያለው ሌላው ትምህርት ቤት ከመስከረም ጀምሮ ጥያቄ ይሰጣል» የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይስጥ። «መጽሐፉስ መች ለሁሉም ደረሰ?» የሚለው ግን እውነት ነው፤ ለዚህ መልስ የለኝም ማለት ይቀለኛል። ያሉትን ለሁለት እንዲካፈሉ አድርገናል፣ ስልክ ላላቸውም በፒዲኤፍ ጭነናል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች ስልክ ስለሌላቸው ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። ቅዳሜ ስንቅ ስታመጡላቸው ለፎቶ ኮፒ የምታወጡትን ብር ለመብራትና ለደብተር ብታደርጉት ይሻላል።

ጥራዞቹ ከየካቲት የመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ለልጆቹ ይመለሳሉ፤ ቁልፋቸው ከኋላ ተገንጥሏል፣ ስህተት የተገኘባቸውም በቀይ ታርመዋል። ቀድማችሁ መውሰድ የምትፈልጉ ወላጆች ራሳችሁ መጥታችሁ መፈረም ትችላላችሁ። ልጅ ልካችሁ ግን አንሰጥም። በግ የሸጡት አባት ባለፈው ዓርብ መጥተው ነበር፤ 79ኙንና 83ቱን አሳየኋቸው፣ ብዙ ዝም ብለው አዩትና «እንግዲያው እዚሁ ይቆይ» ብለው ሄዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን