ለሂሩት፣ ከድሬ

ሂሩትዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደብዳቤ! አውቃለሁ፣ ስድብ ይገባኛል። መጀመሪያ ስልኬ ጠፋ። ቁጥርሽን ሳገኝ ደግሞ «አሁን ምን ብዬ ነው የምደውለው?» እያልኩ አፈርኩ። እንዲሁ ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ አለፈ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምሽን ቀፊራ ገበያ አገኘሁት። ሴት ልጅ መውለድሽንና ስምንት ወር እንደሞላት የሰማሁት ከእሱ ነው። እልል አልኩ፣ እዚያው ሽንኩርት ተራ መሃል። ቀጥሎ ግን ቤታችሁ ሁሉ በኃይለኛ ጉንፋን እንደወደቀ፣ ትንሿም ማንጠስ እንደጀመረች ነገረኝ። ነገ ወደ ሐረር ስለሚወጣ ይህን እሱ ያደርስልሻል። በስልክ ብጀምረው ለቅሶዬ ይቀድመኛል። ደግሞ የምልሽን አስቀምጠሽ ደጋግመሽ ብታነቢው ይሻላል።

አቦ፣ የምነግርሽ የራሴን ጥፋት ነው።

አምና በጥር ማሙሽ የአሥራ አራት ወር ልጅ ነበር። እህቱ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ኢንፍሉዌንዛ ሁላችንንም አዳረሰን። እሱን ትኩሳቱ 39.4 ገባ። ድሬ ውስጥ ልጅ ሲያተኩሰው ታውቂያለሽ፣ ግማሹ ጎረቤት «ወባ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ደንጊ ነው» ይላል። አስመረመርኩት፣ ወባ የለበትም። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ገንፎውን በላ፣ በረንዳ ላይ ከድመቷ ጋር ሲሳደድ ዋለ። እኔም እፎይ አልኩ።

በስድስተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ ተመለሰ። እኔ ነርሷ፣ እናቶችን ቀን በቀን የማስተምረው ሴትዮ፣ «ያው ጉንፋኑ ነው» ብዬ ፓራሲታሞል ሰጥቼ፣ በሹራብ ላይ ጋቢ ጠቅልዬ አስተኛሁት።

ያወቀችው አማቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስምንት ልጅ ግን አሳድጋለች። «ይሄ ልጅ ሆዱ ይዘላል» አለችኝ። ሹራቡን ገለጥኩት። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሆዱ ይነፋል፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ግን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ። አየሩን ሲያወጣ «እህ... እህ» ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ። ስልኬን አውጥቼ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ 58። በእሱ ዕድሜ 40 ሲደርስ ፈጣን ነው የሚባለው። በባጃጅ እየበረርን ሄድን። ሆስፒታል ሲደርስ ጣቱ ላይ የተደረገው መለኪያ ኦክስጅኑን 87 አሳየ። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጠዋል። የሳንባ ምች ነበር። አምስት ቀን ተኛን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንፍሉዌንዛው የአየር ቧንቧውን ስስ ሽፋን ይልጠውና ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ስለዚህ ትኩሳቱ ለቆት፣ ተጫውቶ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ወይም ሳሉ ብሶ የተመለሰበት ልጅ «ያው ጉንፋኑ» አይባልም። በዚያው ቀን መታየት አለበት። እኔ ያለፈኝ ይህ ነው።

አሁን ያንቺዋን እንዴት እንደምታያት ልንገርሽ። ስታለቅስም ስትጠባም አትቁጠሪ፣ ቁጥሩ ይዋሻል። ተኝታ ሳለች ልብሷን እስከ ደረቷ ግለጪ። አፍንጫዋ ከታፈነ አስቀድመሽ ጥረጊላት። ሆዷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዘግማል፣ የ15 ሰከንድ ቆጠራ አይታመንም። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ትኩሳት ራሱ ትንፋሽ ያፈጥናል። ትኩሳቷ ወርዶም 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ሳንባዋ ነው ብለሽ ያዢና በዚያው ቀን አሳያት።

ደረቷ ከተሰረጎደ፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ በየትንፋሹ ከተከፈተ ወይም ካቃሰተች ግን «ይንጋ» አትበይ። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፤ ሲፈጥን የነበረ ትንፋሽ ልጁ ሳይነቃቃና ሳይጫወት በድንገት ከዘገመ መሻል አይደለም። ደክሞት ነው። ይህ ከሁሉም ይከፋል። ጥቁር ቆዳ ላይ መበለዝ ቶሎ አይታይም፤ ምላሷንና የከንፈሯን ውስጥ እዪ። ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆነ ሩጪ።

ሁለተኛው የምታዪው አጠባቧን ነው። የታመመ ልጅ ምግብ ቢጠላ ብዙም አልደነግጥም። ሁለት ሦስቴ ስባ፣ ጡቱን ለቃ፣ አለክልካ እንደገና የምትሞክር ከሆነ ግን ትንፋሽና መጥባት አንድ ላይ አልሆኑላትም ማለት ነው። ጭራሽ ካልጠባች፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ዳይፐሯ ደርቆ ከቆየ፣ እያለቀሰች እንባ ከሌላት ወይም እርግብግቢቷ ከጎደጎደ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰጃት። ቀስቅሰሻት ዓይንሽን ካላየች፣ ልፍስፍስ ካለችም እንዲሁ።

ካንቀጠቀጣት በጎኗ አስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቢ። ክብሪት ጭሮ ሊያሸት የሚመጣ ጎረቤት ካለ ከበር መልሺው። እንጥሏ ወርዷል፣ ይቆረጥ የሚል ካለማ ስልኬን ስጪው፣ እኔ አናግረዋለሁ። አስፕሪንም እንዳትሰጫት፤ ልጅ ላይ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ጉበትና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ወንድምሽ የእህትሽን አራስ ልጅም አነሣልኝ። ለእሱ ይህ ሁሉ ቆጠራ አያስፈልግም። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ 38 ካተኮሰው፣ ደህና ቢመስልም በቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

አማቴ አሁንም ትስቅብኛለች። «ሹራቡን አውልቂው የተባለች ነርስ» እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች። የሐረር ማታ ከድሬው ይበርዳልና አንቺም በደንብ እንደምትጠቀልያት አልጠራጠርም። ጠቅልያት፣ ግን ገልጠሽ እያየሽ።

ቁጥሬን ወንድምሽ ይሰጥሻል። ዛሬ ማታ ስትተኛ ቁጠሪና ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። የሦስት ዓመቱን ስድብ ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።

ያንቺው ጥፋተኛ፣
ሰብለ