ማቆያ ለመምረጥ በምሳ ሰዓት ሂዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ልጅ ገና ራሱን ችሎ አይቀመጥም። እናት ግን ሥራ መግባት አለባት። በቅርቡ እዚሁ ጅማ ለልጄ የሕፃናት ማቆያ ስፈልግ ያየሁትን ለሌሎች ወላጆች ላካፍል። የማቆያውን ስም አልጠቅስም።

መጀመሪያ ጠዋት ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ ነው፣ ሞግዚቶቹም ሲበዛ ደጎች ናቸው። ሌላ ቀን ሳልናገር 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ። ልጆቹ ተኝተዋል። ሞግዚቶቹ ምሳ ላይ ስለሆኑ ሰባት ሕፃናት የምትጠብቀው አንዲት ሞግዚት ብቻ ነበረች። ዓመት ላልሞላቸው ልጆች አንድ ሞግዚት ለሦስት፣ ቢበዛ ለአራት ነው። እሳት ቢነሳ ሰባቱን ተሸክማ መውጣት አትችልም። ስለዚህ «ስንት ሞግዚት አላችሁ?» ብቻ አትበሉ። በምሳ ሰዓት ስንት እንደሚቀሩ ጠይቁ፣ ቢቻል ራሳችሁ ቁጠሩ።

ከዚያ መኝታ ክፍሉን እዩ። ጨቅላ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው የሚተኛው። ፊቱ መሸፈን የለበትም። ብርድ ነው ተብሎ እስከ አናቱ የተጠቀለለ ልጅ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ከሰሉ ነው። ዝናብ ስለነበር መስኮቱ ተዘግቷል፤ ቡና የሚፈላበት ምድጃ ደግሞ መኝታው በር ሥር ተቀምጧል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው «አለቀለት» ይላል፣ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። የተኛ ሕፃን ደግሞ ራሴን አመመኝ አይልም። ለማቆያው ባለቤት ስነግራት ሳትከራከር ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣችው። ይህን አደንቅላታለሁ።

ጡት ለሚጠቡ ልጆች አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መብራት ሲጠፋ የታለበው ወተት የት ይቀመጣል? ከፍሪጅ ውጭ ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ጠዋት 1 ሰዓት የታለበ ወተት እንዲሁ ከተቀመጠ እስከ 5 ሰዓት መጠጣት አለበት ማለት ነው። ልጁ ጀምሮ የተወው ጡጦ ደግሞ ለከሰዓት አይቀመጥም፣ ይደፋል። እኔ ስጠይቅ ሞግዚቷ «እናሞቀዋለን» አለችኝ። ማሞቅ የተበላሸ ወተት አያድንም። በየጡጦው ላይ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት የተጻፈ መሆኑንም እዩ። እዚያ ስም እንጂ ሰዓት አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ያለው ወላጅ ቢጠይቀኝ ማቆያውን እጠቁመዋለሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ልጆቹም ሲጫወቱ ደስተኞች ናቸው። ለጨቅላ ግን በምሳ ሰዓት ሁለተኛ ሞግዚት እስኪጨምሩ ድረስ አልመክረውም። የራሴንም ልጅ አላስገባሁም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት፣ ከጅማ