አንድ ጥናት፣ ሁለት ውጤት፦ ለመምህራን ሙያ ፈቃድ ምዘና ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በቃልም በጽሑፍም አቤት ብያለሁ። ያገኘሁት መልስ «የመዛኙ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» የሚል አንድ መስመር ስለሆነ ጉዳዩን አደባባይ አውጥቼዋለሁ።

የጽሑፍ ፈተናው 80፣ ማህደረ ተግባሩ 20 እንደሚይዝ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከማህደሩ ይዘቶች አንዱ የሆነውን ተግባራዊ ምርምር ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር በጋራ ሠራነው፤ ይህም እንደሚፈቀድ ከእናንተው ተነግሮናል። ከ52 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች 19ኙ አጭር አንቀጽ ማንበብ አይችሉም ነበር። ጎበዙን ከደካማው አጣምረን ለስምንት ሳምንት አስነበብናቸው፤ በመጨረሻ የቀሩት 7 ነበሩ። የእያንዳንዱን ልጅ የንባብ መዝገብ፣ የፊቱንና የኋላውን፣ አያይዘናል። በሁለታችን ማህደር የገባው ጥናት አንድ ነው፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር።

እርሷ ከ5 ነጥብ 4 አገኘች። እኔ 1።

የእርሷ መዛኝ «የተማሪዎቹ ለውጥ በማስረጃ ታይቷል» ብለው ጽፈዋል። የእኔው ደግሞ «ገጹ አነስተኛ ነው፣ መዝገቡ ማህተም የለውም» ብለዋል። መስፈርቱን አውጥቼ አነበብኩት፦ «ችግሩን በበቂ ማስረጃ አስደግፎ ይፈታል»። ገጽም ማህተምም አይልም። «በቂ» ማለት ምን እንደሆነም አይልም፤ ስለዚህ ለአንዱ የልጁ ንባብ ነው፣ ለሌላው የጽሕፈት ቤቱ ማህተም። ሁለቱም መዛኞች ሕሊናቸውን ሳይሸጡ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሚዛን መዘኑ። ጥፋቱ ያንን ሚዛን ሳያስተካክል ማህደር ያደላቸው ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ፈልጌ አላጣሁትም።

ይህ ችግር ከእኛ አልጀመረም። በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት ተማሪዎችን በማህደረ ተግባር መመዘን ሲጀምር፣ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የ1992 እ.ኤ.አ. ውጤቶችን መረመረ። ሁለት መምህራን ለአንድ ሥራ በሰጡት ነጥብ መካከል ያለው ዝምድና ወደ 0.4 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፍጹም ስምምነት 1 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ መዛኞቹ ይበልጥ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በሒሳብ መሻሻል ታየ፤ በጽሕፈት ግን ብዙም አልተለወጠም። ሥልጠና ብቻውን ሁሉን አይፈታም ማለት ነው። ቢሆንም እነርሱ ለክተውታል። የእኛ ቢሮ አንድ ማህደር ለአንድ ሰው ሰጥቶ ስለሚዘጋው፣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እንኳን ሊያውቅ አይችልም። የእኛ የታወቀው ጥናቱ በአጋጣሚ ሁለት እጅ ስለገባ ነው።

መዛኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት 1፣ 3 እና 5 የሚያሰጡ እውነተኛ ናሙናዎችን አብረው ያርሙ፤ የት እንደተለያዩም ይከራከሩ። ከአሥር ማህደር አንዱን ደግሞ የመጀመሪያውን ነጥብ ያላየ ሌላ ሰው ይመዝነው። ወጪው የአንድ ቀን አበል ነው፤ ለባነር ከሚወጣው አይበልጥም።

ነጥብ ይጨመርልኝ አላልኩም፣ የእርሷም ይቀነስ አላልኩም። ሁለቱን ጥናቶች ስማችንን ሸፍነው ለሦስተኛ መዛኝ ይስጡልኝ፤ ውጤቱንም ለሁለታችን በጽሑፍ ያሳውቁን።

አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር