የተጠረጠረን ሣጥን ከትክክለኛው ፎቶ ጋር የምናስተያይበት መንገድ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ቁጥር 6204 የተጻፈበት የኩሽኔታ ሣጥን ይዘው መጥተው ኦርጅናል መሆኑን ጠየቁን። ባንኮኒው ላይ የነበረው ባልደረባችን ሣጥኑን በአምፖል ብርሃን ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ካለው የኦርጅናል ፎቶ ጋር አየት አድርጎ፣ «ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ፎርጅድ ነው» አላቸው። በኋላ አምራቹ ሣጥኑ የእሱ እንዳልሆነ አረጋገጠልን። መልሳችን ልክ ነበር፣ ምክንያታችን ግን ስህተት። በዚያው ምክንያት ነገ የሌላ ሰው ኦርጅናል ዕቃ ፎርጅድ ልንለው እንችል ነበር። ስለዚህ አሠራራችንን ቀየርን፤ እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሠሩበት ስለምትችሉ እንጽፍላችኋለን።

መጀመሪያ የምንመርጠው ማመሳከሪያ ፎቶውን ነው። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ የሻጭ ፎቶ አይሆንም፤ እሱ ራሱ የፎርጅዱ ፎቶ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንጠቀመው በቀጥታ ከአምራቹ የመጣ፣ እሽጉ በእኛ እጅ የተፈታ ሣጥን ፎቶ ነው። የዕቃው ቁጥርም የማሸጊያው ዘመንም አንድ መሆን አለበት። አምራቾች የሣጥን ዲዛይን ስለሚቀይሩ የድሮ ኦርጅናል ከአዲስ ኦርጅናል ጋር ሲተያይ «ይለያል» ያስብላል።

ቀጥሎ የተጠረጠረውን ሣጥን ሸፍነን ማመሳከሪያውን ብቻ እያየን ዝርዝሩን እንጽፋለን። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቀን እንጠብቃለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነት ፈልግ» የተባለ ሰው ልዩነት ማግኘቱ አይቀርም። ቀድሞ «የ6 ጭራ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ የ4 አናት ዝግ ነው፣ በ2 እና በ0 መካከል ያለው ክፍተት ከቁጥሩ መስመር ውፍረት ያንሳል» ብሎ የጻፈ ሰው ግን የሚመልሰው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያው ሣጥን እንመለስ። ቀለሙን ለማየት አጠገቡ ነጭ ወረቀት አድርገን በመስኮት ብርሃን እንደገና ፎቶ አነሳነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ወረቀት ቢኖር ኖሮ እሱም ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ቢጫነቱ የመጣው ከአምፖሉ ነው። በቀን ብርሃን ልዩነቱ ጠፋ። የስልኩ የሌሊት ማሳያ ካልተዘጋም እንዲሁ ያሳስታል። ከምናያቸው ሦስት ነገሮች፣ ከቀለም፣ ከፊደልና ከምጣኔ፣ ደካማው ምስክር ቀለም ስለሆነ በእሱ ብቻ አንፈርድም።

ፊደሉ ግን ተናገረ። በማመሳከሪያው ላይ የ4 አናት ዝግ ሲሆን በተጠረጠረው ላይ ክፍት ነበር፤ የ6 ጭራም ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ብርሃንም ሆነ የካሜራ አቅጣጫ ዝግ 4ን ክፍት አያደርግም። አስመሳዮች ብዙ ጊዜ ጽሑፉን እንደ አዲስ የሚጽፉት በእጃቸው ባለ ተቀራራቢ ፎንት ነው፤ አጠቃላይ መልኩ ይመሳሰላል፣ ልዩነቱ ግን በእንዲህ ያለ መታጠፊያ ላይ ይወጣል።

ምጣኔን በሴንቲሜትር አንለካም፤ ፎቶዎቹ መጠናቸው ስለሚለያይ እናካፍላለን። በማመሳከሪያው ፎቶ የሣጥኑ ፊት ስፋት 1240 ፒክሰል፣ የአምራቹ ስም ርዝመት 806 ነው፤ 806ን ለ1240 ብናካፍል 0.65 ይሆናል። በተጠረጠረው 598 ለ980 ሲካፈል 0.61 መጣ። ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ለማወቅ ማመሳከሪያውን ራሱን ሦስት ጊዜ ለካነው፤ ውጤቱ ከ0.01 በላይ አልተለያየም። የእጃችን ስህተት 0.01 ከሆነ 0.04ን በእጅ ስህተት ማመካኘት አይቻልም። ይህ የሚሠራው ግን ፎቶው ከፊት ለፊት ከተነሳ ነው። በጣም ቀርቦ የተነሳ ፎቶ አንዱን ጠርዝ ያገዝፋል፤ አንድ ሜትር ያህል ራቁና በዙም አንሱ። በፎቶው ላይ የሣጥኑ የላይና የታች ጠርዝ እርስ በርስ፣ የግራና የቀኝ ጠርዝም እርስ በርስ እኩል ከሆኑ ፎቶው ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት «ይለያል»፣ «አይለይም» ወይም «አይታወቅም» ብለን እንጽፋለን። ጽሑፉ የደበዘዘበትን ቦታ በግምት አንሞላም፤ «አይታወቅም» ሙሉ መልስ ነው። ልዩነት ሲገኝ ደግሞ ከሌላ ጭነት በመጣ ሁለተኛ ኦርጅናል ላይ እናጣራለን፤ እዚያም ካለ የኅትመት ለውጥ ነው።

ሁሉም መስመር «አይለይም» ቢልም የተመሰከረለት ሣጥኑ ነው። ኦርጅናል ሣጥን ውስጥ ሌላ ኩሽኔታ ተከቶ ያገኘንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በኩሽኔታው ቀለበት ላይ ለተቀረጸው ጽሑፍ ለብቻው ሌላ ዝርዝር እንሠራለን።

ጥርጣሬ ካላችሁ ከነጭ ወረቀት ጋር በቀን ብርሃን የተነሱ ሦስት ፎቶዎች ላኩልን፦ የሣጥኑን ፊት፣ የዕቃውን ቁጥር በቅርበት፣ የኩሽኔታውን ቀለበት። የሞላነውን ዝርዝር ከነ«አይታወቅም»ዎቹ እንልክላችኋለን። እስከዚያው ኩሽኔታውን አትግጠሙት፤ ሣጥኑንም አትጣሉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የመለዋወጫ ሽያጭ ክፍል