ለሂሩት፦ ስለ ማመልከቻሽ መግቢያ

ሂሩትዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እማማ ደህና ናቸው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ስምሽን ኢሜይሌ ላይ ሳየው ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለሐዋሳው ሥራ ልታመለክቺ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አስደሰተኝ። እይልኝ ያልሽኝን ረቂቅ አይቼዋለሁ። ሲቪሽ ጥሩ ነው፣ አትንኪው። መነካት ያለበት የኢሜይሉ መግቢያ ነው።

«በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አመልካች በፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለኝ ስሆን፣ ድርጅታችሁ ባወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ለመወዳደር በአክብሮት እጠይቃለሁ» ብለሻል።

እንደምታውቂው የእኔ ሥራ ማመልከቻ መቀበል ነው። የአራት አምስት መደብ ማመልከቻ በአንድ አድራሻ ይገባል። ኢሜይሉን ሳልከፍተው የሚታየኝ ርዕሱና የመጀመሪያዋ መስመር ናት። ያንቺ መስመር በሰላምታ አለቀች። ከፍቼም የትኛውን መደብ እንደፈለግሽ አላገኘሁም። እንዲህ ያለውን «በኋላ አየዋለሁ» ብዬ አልፈዋለሁ፤ በኋላ ደግሞ ሌላ ሃምሳ ይመጣል።

ስለዚህ ሰላምታው «ጤና ይስጥልኝ» ብቻ ይሁንና በዚህ ቀጥዪ፦

«ለሐዋሳ ቅርንጫፍ ባወጣችሁት የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ መደብ ለመወዳደር የማመለክት ፋርማሲስት ስሆን፣ ላለፉት 6 ዓመታት የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን መርቻለሁ። መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ ሲል እየደረሰን ስቸገር ስለቆየሁ፣ አሁን በአከፋፋዩ በኩል ሆኜ ለጤና ጣቢያዎች በወቅቱ እንዲደርስ መሥራት እፈልጋለሁ።»

የመደቡን ስም ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ገልብጪው፤ ርዕሱም ላይ ድገሚው። የማስታወቂያ ቁጥር ካለው አብረሽ ጻፊ። «የፋርማሲ ሥራ» ካልሽ፣ እኛ ማመልከቻ ተቀባዮች በመደቡ ስም ስንፈልግ ያንቺ አይመጣም።

ምክንያትሽን የምትናገረው ሁለተኛዋ አረፍተ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ታዋቂ ድርጅት ስለሆናችሁ» ይላል፣ ወይም «ራሴን ለማሻሻል»። የድርጅቱን ስም አውጥተሽ የሌላ ብታስገቢበት አረፍተ ነገሩ እንዳለ ይቆማል፤ እንዲያ ከሆነ ምክንያት አልሆነም። ያንቺ ግን ማስታወቂያው ላይ «ለጤና ጣቢያዎች ማሰራጨት» ከሚለው ተግባር ጋር ይገጥማል። ስልክ ላይ የነገርሽኝ እውነትሽም እሱ ነው። ወደ ሐዋሳ የምትዛወሪው ለባለቤትሽ ሥራ ብለሽ መሆኑን እዚህ አታንሺው። ቢጠይቁሽ በቃለ መጠይቁ ትመልሻለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ መድኃኒቱን ማን እንዳዘገየው አትጻፊ። ምናልባት እነሱ ራሳቸው ይሆናሉ፤ ወቀሳ ይመስላል።

የሙያ ፈቃድሽን ቁጥር ሦስተኛዋ አረፍተ ነገር ላይ አድርጊው። አስተካክለሽ ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ ማስታወቂያው ዓርብ ይዘጋል።

ያንቺው፣
ሰላም