የእድራችንን አዳራሽ ጣሪያ ከክረምት በፊት ለማልበስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላትና በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፦

የአዳራሻችን ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ባለፈው ክረምትም እንዳፈሰሰ፣ ለቅሶ ላይ ወንበር እያነሣን ቦታ ስንቀይር የነበርን ሁላችን እናውቃለን። ያላስተዋልነው ግን የሚያፈስበትን ቦታ ነው። ከሥር ሆኖ ለተመለከተው፣ ቡናማው እድፍ መሐል ላይ የለም፤ ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ብቻ ይታያል። ይህም ውሃው የሚገባው ጣሪያው ዳር ዳሩን ከሚከብበው አጭር ግንብ፣ ማለትም ከፓራፔቱ ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን መሆኑን ያመለክታል። ከዓመታት በፊት ሬንጅ ስናስቀባ የገዛነው ለጣሪያው ወለል ስፋት፣ ማለትም ለ225 ካሬ ሜትር ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ፓራፔቱ ላይ አንድ ስንዝር እንኳ አላስወጣነውም። ስሕተቱ የራሳችን የኮሚቴው ነው። ያለ መከላከያ ለፀሐይ የተጋለጠው ሬንጅም ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

አሁን የምናለብሰው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር የተነሰነሰበት፣ በጋዝ እሳት እየቀለጠ የሚለጠፍ የሬንጅ ሜምብሬን ነው። አንዱ ጥቅል 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። የጣሪያው የውስጥ ልኬት 18 በ12.5 ሜትር ሲሆን፣ በፓራፔቱ ዙሪያ 61 ሜትር ላይ ሜምብሬኑ 35 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እንዲወጣ ተወስኗል። ወለሉና ግድግዳው ተደምረው 246 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ይህን ለ10 አካፍሎ «25 ጥቅል ይበቃል፤ 30 ለምን ተጠየቀ?» የሚል አባል እንደሚኖር እንገምታለን፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ስሌቱን ዘርዝረን እናቀርባለን።

ሜምብሬን ጫፍ ለጫፍ አይገጠምም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። በጎን 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚደረብ፣ የ1 ሜትሩ ጥቅል በተግባር የሚሸፍነው 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣሪያው በአጭሩ ጎን በኩል ወደ ውሃ መውረጃዎቹ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ረድፎቹ በ18 ሜትሩ ርዝመት ይነጠፋሉ፤ ሥራውም ከዝቅተኛው ጎን ተጀምሮ የላይኛው ረድፍ በታችኛው ላይ እየተደረበ ይወጣል፤ ያለዚያ ውሃው ወደ መደረቢያው ውስጥ ይገባል። 13 ረድፍ የሚደርሰው 11.8 ሜትር ድረስ ብቻ ስለሆነ 14 ረድፍ ያስፈልጋል። በርዝመት መጋጠሚያዎቹም ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚደረብ፣ እያንዳንዱ ረድፍ እስከ 18.3 ሜትር ይወስዳል፤ ድምሩ 256 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 26 ጥቅል ነው።

የፓራፔቱ ለብቻው ይቆረጣል። የወለሉን ሜምብሬን አጥፎ ግድግዳው ላይ መሳብ ቀላል ቢመስልም፣ ረጅሙ ልጥፍ በክብደቱ ወደ ታች እየተንሸራተተ ማዕዘኑ ላይ ሥሩ ባዶ ይቀራል፤ በኋላም የሚቀደደው እዚያው ነው። ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ቁራጮች ይዘጋጃሉ፦ 15ቱ ሳንቲ ሜትር ወለሉ ላይ ይተኛል፣ 35ቱ ይወጣል። ማዕዘኑ አስቀድሞ በማልታ ተዳፍኖ ተዳፋት ይደረጋል፤ ሜምብሬን በዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ ይሰነጠቃልና። ከአንድ ጥቅል 20 ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሚሸፍን ለ61 ሜትር 68 ቁራጭ፣ ማለትም ሦስት ጥቅል ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። አራት ገዝተን የቀረውን ለአራቱ ማዕዘኖችና ለውሃ መውረጃ አፎቹ ድርብ ልጥፍ እናውላለን። 26 እና 4 ተደምሮ 30 የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ከሥሩ ለሚቀባው ፕራይመር በካሬ ሜትር 0.3 ሊትር ይዘን 74 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አራት ባልዲ ያስፈልጋል። ሥራው በግንቦት ይጀመራል። በዋዜማው 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ላስቲክ ዳርና ዳሩን በፕላስተር ለጥፈን እናሳድራለን፤ ጠዋት ከሥሩ ላበት ከታየ ኮንክሪቱ ስላልደረቀ እንጠብቃለን። እርጥበት ላይ የተለጠፈ ሜምብሬን ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። 30ው ጥቅል 300 ሜትር ነው፤ እኛ ደግሞ 120 ቤተሰብ ነን። እያንዳንዱ ቤተሰብ የ2.5 ሜትር ዋጋ ቢያዋጣ ሜምብሬኑ ይሞላል፤ ዋጋው በሦስት ፕሮፎርማ ተረጋግጦ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። በውጭ ያላችሁ ሙሉ ጥቅል ወይም የፕራይመር ባልዲ ብትሸፍኑ፣ አቅም ያነሳቸውን ጎረቤቶቻችንን ድርሻ ትሞላላችሁ። ብር ለሌለው ጉልበትም መዋጮ ነው፤ አንዱ ጥቅል 45 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በደረጃው የሚያወጡ ወጣቶች እንፈልጋለን። ማቅለጡን ግን ለባለሙያ እንከፍላለን፤ እሳቱ ካነሰ አይጣበቅም፣ ከበዛም በመሐሉ ያለውን ጨርቅ ያቃጥለዋል።

ልጥፉ ሲያልቅ የውሃ መውረጃዎቹን ደፍነን በአማካይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከ5,600 ሊትር በላይ ውሃ ለ48 ሰዓት እናቆማለን። ለባለሙያዎቹ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያዋጣችሁ ሁሉ በእነዚያ ሁለት ቀናት አዳራሹ ውስጥ ገብታችሁ የግድግዳውን ጠርዝ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እንድትመረምሩ እንጋብዛለን።

የእድሩ የጥገና ኮሚቴ