እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም ችግኝ ተክሏል፣ የግቢውን ቦይ ጠርጓል። እነዚህን በየዓመቱ ስለምንሠራቸው አልዘረዝራቸውም። ይህን ዘገባ የምጽፈው ብዙ ጊዜያችንን ስለወሰደው አንድ ሥራ ነው። ለሰፈሩ የጽዳት ቀን ፖስተርና መፈክር እንድናዘጋጅ ተጠይቀን ነበር። መልእክቱም ቤተሰቦች ቆሻሻን ከቤታቸው ለይተው እንዲያወጡ የሚል ነው።

ልጆቹ በመጀመሪያው ስብሰባ ማርከር ይዘው ነው የመጡት። ማርከሩን አስቀምጠን በጥያቄ ጀመርን። አንዲት እናት ልጣጩንና ሃይላንዱን ለይታ ብታስቀምጥ ማን ይወስድላታል? የት ይሄዳል? ይህ ሳይታወቅ «ለዩ» ብሎ መጻፍ ሰውን ማልፋት ነው። ለይቶ ያስቀመጠው ሁሉ ጋሪው ላይ ዓይኑ እያየ ሲደባለቅ ያየ ቤተሰብ፣ ሁለተኛ አይለይም።

ስለዚህ ልጆቹ በሰፈራችን ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡትን የጽዳት ማኅበሩን እህቶች አነጋገሩ። ጋሪው ላይ ሁሉም ነገር አንድ ላይ እንደሚጫን፣ ካርቶንና ሃይላንድ ሲያገኙ ግን እየመረጡ እንደሚሸጡት ነገሯቸው። ችግሩ እርጥበቱ ነው። የወጥ ትራፊ የፈሰሰበት ካርቶን ገዢ የለውም። ሃይላንዱም ቢሆን ዘይትና አተላ ከነካው ዋጋው ይወርዳል። ደረቁ ብቻውን ቢመጣላቸው በጋሪው ጎን ሌላ ማዳበሪያ አንጠልጥለው እንደሚወስዱት ቃል ገቡልን። እርጥቡን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሊቀበል ተስማማ። ከጓሮ አትክልታችን ጎን የኮምፖስት ጉድጓድ አለን።

መፈክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የልጆቹ የመጀመሪያ ሐሳብ «ቆሻሻን ከምንጩ በመለየት ጽዱና አረንጓዴ አካባቢ እንፍጠር!» የሚል ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንደምናነበው ዓይነት ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብለን አልተከራከርንም፤ ሞከርነው። እያንዳንዱ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። «ይህን አንብበው ዛሬ ማታ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ እንዲጠይቅና መልሱን እንዳለ እንዲጽፍ ነበር የተነገረው። አብዛኞቹ «ደጄን እጠርጋለሁ» አሉ። «ችግኝ እተክላለሁ» ያሉም ነበሩ። ቆሻሻ እለያለሁ ያለ ከተገኘም ወደ የት ምን እንደሚያስገባ መናገር አልቻለም።

ይህችን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ይዘናት ቆየን። ማንኛውም መፈክር ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእርሷ ያልፋል። «ቆሻሻ ሀብት ነው» የሚለው በዚህ ወደቀ። አንድ አባት «ስንት ይከፈለኛል?» ብለው ጠየቁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቆራሌው ለጥቂት ሃይላንድ የሚሰጠው ሳንቲም ቤተሰብን አያነቃንቅም። ገንዘብ ተስፋ ያስያዘ ፖስተር በሳምንቱ ይዋሻል።

ያለፈው «እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ» የሚለው ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሲያወራ ከአፉ ያመለጠ ነው። ሰዎች አንብበውት «እሺ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ እዚህ፣ ላስቲኩ እዚያ» ብለው ይመልሱ ነበር። «የሚበሰብስ» እና «የማይበሰብስ» የሚለውን አከፋፈል የተውነውም ለዚህ ነው። ካርቶን ይበሰብሳል፤ እኛ ግን ከልጣጩ ጋር እንዲገባ አንፈልግም። እጅ ሲነካው የሚታወቀው እርጥብና ደረቅ መሆኑ ነው።

ከመፈክሩ ሥር የሚጻፈው ዝርዝር ከመፈክሩ በላይ ጊዜ ወሰደ። የአንድን ግቢ የአንድ ቀን ቆሻሻ በፈቃዳቸው ተቀብለን፣ ጓንት አድርገን፣ ሸራ ላይ ዘርግተን ለየነው። ከግማሽ በላይ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ነበር። በፖስተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረው ዕቃዎች ከዚያ ሸራ ላይ የተነሡ ናቸው። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ነው፦

እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ!
ክዳን ባለው ባልዲ፦ የሽንኩርት፣ የድንችና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት።
በማዳበሪያ፦ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ወረቀት፣ የወተት ጣሳ። ታጥቦና ደርቆ።
በሌላ ፌስታል፦ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ አጥንት፣ የቤት ጥራጊ።
የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ የሰብሳቢዋን እጅ ይቆርጣል። በካርቶን ጠቅልለን በእጅ እንስጣት።
አመድ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይውጣ።

ስለ አንዳንዱ መስመር ምክንያቱን ልናገር። አጥንትና ሥጋ ባልዲው ውስጥ ያልገባው ኮምፖስት ላይ አይጥና ውሻ ስለሚጠራ ነው። የተረፈ እንጀራ በዝርዝሩ ላይ የለም። በሰፈራችን እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል ወይም ለከብት ይሄዳል፤ ያንን ማበላሸት አልፈለግንም። የአመዱ መስመር የመጣው ከሰብሳቢዎቹ ነው። ፍም የቀረበት የከሰል አመድ ማዳበሪያውን ያቃጥላል፣ ገንዳም ያነድዳል። የብርጭቆውን መስመር ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። ሰው ለ«አካባቢ» ብሎ ከሚያደርገው ይልቅ ስሟን ለሚያውቃት ሰብሳቢ የሚያደርገው ይበልጣል።

በሁለት ጉዳዮች ላይ ክርክር ነበር። አንዳንድ ልጆች የቆሼን አደጋ በፖስተሩ ላይ ለመጻፍ ፈለጉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ነገሩ ከሥራችን ጋር ይገናኛል። እርጥቡ ሁሉ ከላስቲክና ከጨርቅ ጋር ተደባልቆ ሲከመር አየር አያገኝም፤ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፣ ክምሩም እየከበደ ይሄዳል። ይህን በክበቡ ስብሰባ በደንብ ተማርነው። ፖስተር ላይ ግን አላወጣነውም። የሰው ሐዘን ለመፈክር ማድመቂያ መሆን የለበትም፤ እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ቅጣት እንጥቀስ የሚለው ነበር። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው መለየት የቤተሰብ ኃላፊነት እንደሆነ ደንግጎ ነበር። ልጆቹ ይህን ማወቃቸው ጥሩ ነው፤ ለሚጠይቃቸው ሰው መልስ ይኖራቸዋል። ነገር ግን ጋሪው ሁለቱን ለይቶ መውሰድ በጀመረበት ሳምንት ማስፈራራት አያምርም ተባባልን። አንዲት ተማሪ ደግሞ «እናቶች ሆይ» የሚለው አጀማመር እንዲቀየር ጠየቀች። ልጣጩን የምትልጠው እናት ብትሆንም ሃይላንዱን የሚጥለው አባትና ልጅ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ተቀየረ።

የአጻጻፉንም ነገር ማንሣት አለብኝ። ፊደላችን በቅጥያ ነው የሚለየው። ለ፣ ሉና ሊ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ከሦስት ሜትር ርቆ ለሚያነብ ሰው ዋናውን መስመር ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በሚሆን ፊደል ጻፍነው፤ ቅጥያውን ወፈር፣ በፊደሎቹ መካከል ክፍተት። ማንበብ ለማይችሉ ትልልቅ ሰዎች እውነተኛውን ዕቃ ለጠፍን። በአንዱ በኩል የተጨፈለቀ ሃይላንድና ቁራጭ ካርቶን፣ በሌላው የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። ፖስተሩን በላስቲክ አላስለበጥነውም፤ ከሱቅ በለመንነው ካርቶን ላይ በዘይት ቀለም ጻፍነው። ቀለሙን ዝናብ ያን ያህል አያጥበውም።

የጽዳቱን ቀን የሚያስታውቀው ፖስተር ሌላ ነው። እሱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ መገናኛ ቦታና «መጥረጊያና ጓንት ይዘው ይምጡ» ብቻ ነው ያለው። መንገድ ዳር ተሰቀለ፣ ቀኑ ሲያልፍ ተነሣ። የመለየቱ ፖስተር ግን ግቢ ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጎን ነው የተሰቀለው። ልጣጩን የሚጥለው እጅ ያለው እዚያ ነዋ።

የጽዳቱ ቀን ጥሩ አለፈ። ብዙ ቤተሰብ መጣ፣ ቦዩ ተከፈተ። ለእኔ ግን የሚበልጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። አብረው በአንድ በር የሚገቡ በርካታ አባወራዎች ያሉበት አንድ ግቢ ነበር። ባልዲያቸው በየጊዜው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ልጣጩም ትክክል ነው። ግን ኮምፖስቱን ስናገላብጥ የፌስታል ቁርጥራጭ ይወጣ ጀመር። ልጆቹ ሄደው ማታ ማታ ተመለከቱ። ሰዎቹ ልጣጩን በፌስታል ቋጥረው፣ ከነቋጠሮው ባልዲው ውስጥ ይጥሉታል። እጃቸውን ላለማቆሸሽ ነው፤ ባልዲውም ሽታ ነበረው። መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። ባልዲው አጠገብ የደረቀ ቅጠል በጆንያ ተቀመጠ፤ በልጣጩ ላይ አንድ እፍኝ ሲነሰነስበት ሽታው ይቀንሳል። በክዳኑ ላይ ደግሞ «ልጣጩ ይግባ፣ ፌስታሉ ይመለስ» ተብሎ ተጻፈ። ግድግዳው ላይ ቢጻፍ አይረዳም ነበር፤ ክዳኑን ሳይነካ ማንም አይጥልም። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግቢ የሚመጣው ባልዲ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፖስቱን የሚከታተሉት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አንድ እጅ ልጣጭ፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠልና ሣር፣ በላዩ ስስ አፈር። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ይተከላል። ከቀናት በኋላ ሲነቀል ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቅዞና ደርቆ ከወጣ ውኃ ይፈልጋል። ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ ቅጠል ተጨምሮ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ክምር ሦስት ወር ገደማ ወስዶ ጥቁር አፈር መስሏል፤ አሁን በጎመኑ መደብ ላይ ነው።

ለመጪው ዓመት የተላለፈ ሥራ አለ። የዳይፐሩ ፌስታል አሁንም ወደ ገንዳ ነው የሚሄደው፤ ለእሱ የምንጽፈው የተሻለ መልስ የለንም። የበዓል ሰሞንም ያስቸግራል። የበግ አንጀትና ፈርስ፣ የዶሮ ላባና ቄጠማ በአንድ ቀን ይወጣል፤ ባልዲያችን አይችለውም። ፈርሱና ቄጠማው ለኮምፖስት ይሆናሉ፣ አንጀቱ ግን አይሆንም። ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ በፊት የሚሰቀል የበዓል ፖስተር ያስፈልጋል። ረቂቁን የጀመሩት ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን ከሰብሳቢዎቹ ጋር ተነጋግረው ፈርሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣ ይጠይቃሉ፤ ሰዓቱ ሲታወቅ ፖስተሩ ላይ ይጻፋል።